የመኪና ብድርን ወደ ሌላ አበዳሪ ከማዛወር በፊት፦ ቀድሞ የመዝጊያ ቅጣትና ክፍያዎችን የማንበብ መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በአትላንታም ሆነ በሲያትል መኪና በብድር ገዝተው የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የመጀመሪያውን ብድር የሚወስዱት የክሬዲት ታሪካቸው ገና ሳይጠነክር ነው። ወለዱም በዚያው ልክ ከባድ ይሆናል። ሁለት ዓመት ያህል ሳያጓድሉ ከከፈሉ በኋላ ሌላ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን በግማሽ ወለድ ሊወስዳቸው ይችላል፤ አዲሱ አበዳሪ የድሮውን ዕዳ ይዘጋል፣ እነርሱም ከዚያ ወዲያ ለአዲሱ ይከፍላሉ። ይህ መልካም ዕድል ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያስተያየው ሁለቱን የወለድ መጠኖች ብቻ ነው፤ ከድሮው ብድር መውጣት ስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቀው ከፈረመ በኋላ ነው። መልሱ ያለው ቤትዎ ባስቀመጡት ውል ውስጥ ነው። ውሉን ማንበብ አንድ ምሽት ቢወስድ ነው፤ አንድ ምሽት ደግሞ ሊሰጠው ይገባል።

1. ዋናውን ውል ያውጡ

በየወሩ የሚደርስዎ መግለጫም ሆነ በስልክዎ ላይ የሚያዩት ቀሪ ሒሳብ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የሚያስፈልግዎ መኪናውን ሲገዙ የፈረሙት ውል ነው። ከመኪና ሻጭ ቤት በዱቤ ከገዙ ርእሱ አብዛኛውን ጊዜ «ሪቴይል ኢንስቶልመንት ሴል ኮንትራክት» ይላል። ከሻጩ ጋር ቢፈርሙትም ሻጩ ውሉን ብዙውን ጊዜ ለባንክ ወይም ለፋይናንስ ድርጅት ስለሚያስተላልፈው፣ ወረቀቱ ከጠፋብዎ ቅጂውን የሚጠይቁት አሁን የሚከፍሉትን አበዳሪ ነው። ቅጂው ሲደርስዎ የኋላ ገጾቹም አብረው መምጣታቸውን ያረጋግጡ፤ ስለ ወለድ አቆጣጠር የሚናገረው አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

በ1968 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አበዳሪዎች ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች ከሌላው ጽሑፍ ለይተው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ስለዚህ በውሉ ላይ በመስመር የታጠረ ክፍል ያገኛሉ። በውስጡ ዓመታዊው የወለድ መጠን፣ በብድሩ ዘመን ሁሉ የሚከፍሉት ጠቅላላ ወለድና ክፍያ፣ የተበደሩት ገንዘብ፣ እንዲሁም የክፍያዎቹ ሁሉ ድምር ይቀመጣሉ። ከእነዚህ ቁጥሮች ዝቅ ብሎ «ፕሪፔይመንት» በሚል ቃል የሚጀምር አጭር አንቀጽ አለ። ጣትዎን እዚያ ላይ ያሳርፉ።

2. ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ለየብቻ ያንብቡ

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ስለ ቅጣት ነው። ዕዳዎን ቀድመው ከዘጉ ቅጣት «ሜይ» ወይም «ዊል ናት» ይላል። «ዊል ናት» ካለ ቅጣት የለም ማለት ነው። «ሜይ» ካለ ግን ምናልባት ብለው አይለፉት፤ ቅጣት እንዳለ ቆጥረው መጠኑን ውስጥ ገጾች ላይ ይፈልጉ። የተወሰነ ዶላር ሊሆን ይችላል፣ ከቀሪው ዕዳ በመቶኛ የሚታሰብ ሊሆን ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ የሚሠራም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ዓይነት ከሆነ ጥቂት ወር መጠበቅ ብቻ ቅጣቱን ያስቀራል። አንዳንድ ውል ደግሞ ቅጣት በማለት ፈንታ «ዝቅተኛ የፋይናንስ ክፍያ» ይላል፦ ብድሩን በሁለተኛው ወር ቢዘጉትም አበዳሪው የተወሰነ ወለድ ሳያገኝ አይለቅዎትም።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ከወለዱ ከፊሉ ተመላሽ ሊሆንልዎ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ይናገራል። ብዙ አንባቢ እዚህ የሚሳሳተው ዐረፍተ ነገሩ ደስ የሚያሰኝ ስለሚመስል ነው። ወለድ ተመላሽ ይሆንልዎታል ሲባል ማን ይጠላል? ሆኖም ያልደረሰ ወለድ «ተመላሽ» ሊባል የሚችለው አስቀድሞ ተሰልቶ ዕዳዎ ላይ ከተደመረ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ መስመር ወለዱ በየቀኑ በቀሪው ዕዳ ላይ እንደማይታሰብ፣ ይልቁንም የዘመኑ ሁሉ ወለድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጭኖብዎት ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ምልክት ነው። ወለዱ በየቀኑ የሚታሰብበት ብድር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

አንድ ውል በመጀመሪያው መስመር «ቅጣት የለም» ብሎ በሁለተኛው «ተመላሽ ሊኖር ይችላል» ሊል ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ያም ሆኖ ቀድሞ መዝጋት ገንዘብ ሊያስወጣዎት ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ ቀጥሎ እንየው።

3. ወለዱ የሚታሰብበትን መንገድ ይለዩ

ወደ ኋላ ገጾች ይሂዱና ወለዱ እንዴት እንደሚሰላ የሚናገረውን አንቀጽ ያግኙ። «ሲምፕል ኢንተረስት» ወይም «ደይሊ» የሚሉትን ቃላት ካዩ ወለዱ የሚቆጠረው በቀሪው ዋና ዕዳ ላይ በየቀኑ ነው። ዛሬ ከዘጉ እስከ ዛሬ ያለውን ብቻ ይከፍላሉ። «ፕሪኮምፒውትድ» የሚል ካለ ግን ወለዱ አስቀድሞ ተሰልቷል፤ በዚህ ጊዜ ተመላሹ በምን ዘዴ እንደሚታሰብ መፈለግ አለብዎ። ዘዴው «አክቹዌሪያል» ከተባለ ውጤቱ ከዕለታዊው ብዙም አይርቅም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው «ሩል ኦቭ ሰቨንቲ ኤይትስ» ወይም «ሰም ኦቭ ዘ ዲጂትስ» የሚለው ሲመጣ ነው።

ይህ የ78 ደንብ ስሙን ያገኘው ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 78 ስለሚሆኑ ነው። በአንድ ዓመት ብድር የመጀመሪያው ወር ከጠቅላላው ወለድ 12 ሰባ ስምንተኛውን ይወስዳል፣ ሁለተኛው 11፣ እንዲህ እየወረደ የመጨረሻው 1 ብቻ ይወስዳል። ለ60 ወር ብድር ድምሩ 1,830 ይሆናል፤ የመጀመሪያው ወር 60 እጅ፣ የመጨረሻው 1 እጅ ይይዛል። በዕለታዊ አቆጣጠርም ቢሆን በመጀመሪያ ላይ ወለዱ ይበዛል፤ ይህ ደንብ ግን ከዚያ አብልጦ ወደ ፊት ይገፋዋል። እስከ መጨረሻው ለሚከፍል ሰው ልዩነት የለውም። የሚጎዳው መሀል ላይ የሚወጣውን ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሹፌር 18,000 ዶላር በ18 በመቶ ወለድ ለ60 ወር ተበደረ እንበል። ወርኃዊ ክፍያው 457 ዶላር ገደማ ሲሆን ጠቅላላ ወለዱ 9,425 ዶላር ይሆናል። 24 ወር ከፍሎ 36 ወር ሲቀረው መውጣት ፈለገ። ወለዱ በየቀኑ የሚታሰብ ቢሆን ኖሮ ቀሪ ዕዳው 12,643 ዶላር ገደማ ነበር። ውሉ የ78 ደንብን የሚከተል ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። የቀሩት 36 ክፍያዎች ድምር 16,455 ዶላር ነው። ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች ድምር 666 ስለሆነ፣ ከወለዱ የሚመለስለት 666 ሲካፈል ለ1,830፣ ማለትም 36 በመቶ ያህሉ ነው፤ በገንዘብ 3,430 ዶላር። ይህ ከ16,455 ሲቀነስ መዝጊያው 13,025 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 382 ዶላር ነው። በውሉ ላይ «ቅጣት የለም» ቢልም ሰውየው ይህን ገንዘብ ይከፍላል፤ በወረቀቱ ላይም ቅጣት ተብሎ የትም አይጻፍም።

ሕጉ የሚያግደውንና የማያግደውን ይወቁ። የፌዴራል ሕግ ዘመኑ ከ61 ወር በሚበልጥ ብድር ላይ የ78 ደንብን ይከለክላል፤ ብዙ ክፍላተ ሀገራት ደግሞ ለአጭሩም ከልክለዋል። ስለዚህ የ72 ወይም የ84 ወር ብድር ካለብዎ ይህ ስጋት የለብዎትም። 60 ወርና ከዚያ በታች ከሆነ፣ በተለይም ያገለገለ መኪና በከባድ ወለድ ከገዙ፣ ጉዳዩን በጥንቃቄ ይመልከቱ። ዕዳዎ ያለው በፌዴራል ፈቃድ የሚሠራ ክሬዲት ዩኒየን ዘንድ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ቀድሞ የመዝጋት ቅጣት እንዳያስከፍል ይከለክለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሻጮች መኪናውን ሲያስረክቡ «ይህን ብድር ሦስት አራት ወር ሳትከፍሉ እንዳትዘጉት» ይላሉ። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው ቶሎ ከወጣ አበዳሪው ለሻጩ የከፈለውን ድርሻ ስለሚያስመልሰው ነው። ጉዳዩ የሻጩና የአበዳሪው ነው። እርስዎን የሚያስረው በውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

4. የመዝጊያ ሒሳቡን በጽሑፍ ይጠይቁ

ውሉን ካነበቡ በኋላ ለአበዳሪው ደውለው «ቴን ደይ ፔይኦፍ» የሚባለውን ሰነድ ይጠይቁ። ይህ ከዛሬ ጀምሮ እስከ አሥር ቀን ድረስ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋውን ገንዘብ የሚናገር ደብዳቤ ነው። ከቀሪ ሒሳብዎ የሚበልጠው ያልተከፈለ የዕለት ወለድና የሚጠበቁት አሥር ቀናት ስለሚጨመሩበት ነው። ለምሳሌ በ12,643 ዶላር ላይ የ18 በመቶ ወለድ በቀን ስድስት ዶላር ከ23 ሳንቲም ገደማ ነው፤ አሥሩ ቀን 62 ዶላር ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ይህ ቅጣት አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው።

ደብዳቤው ከድምሩ ባሻገር ዝርዝሩን እንዲያሳይ አጥብቀው ይጠይቁ፦ ዋና ዕዳ፣ ወለድ፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣት፣ ሌሎች ክፍያዎች፣ የቀን ወለድ። ከዚያ ራስዎ ያባዙ። የቀሪው ዕዳ ጭማሪ በቀን ወለዱ ብቻ የማይገለጽ ከሆነ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በዕለታዊ ወለድ ብድር ላይ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ቀድሞ የዘገየ ክፍያ ነው። ክፍያዎ በየወሩ አምስት ስድስት ቀን እየዘገየ ከሆነ የእነዚያ ቀናት ወለድ እየተጠራቀመ ዋናው ዕዳ ከታሰበው በላይ ሆኖ ይቀራል፤ ክፍያ እንዲራዘምልዎ ጠይቀው የተፈቀደ ወር ካለም በዚያ ወር ወለዱ አላቆመም። ይህ የመዝጊያው ስህተት አይደለም፤ ሆኖም ቁጥሩ ለምን ከጠበቁት እንደሚበልጥ ሲያውቁ የሚጣሉበትንና የማይጣሉበትን ይለያሉ።

ወለዱ አስቀድሞ የተሰላ ከሆነ ሕጉ ተጨማሪ መብት ይሰጥዎታል፦ አበዳሪው በጠየቁት በአምስት ቀን ውስጥ የመዝጊያውን ገንዘብና ተመላሹን ወለድ ማሳወቅ አለበት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በነጻ። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያድርጉት፣ መልሱም በጽሑፍ ይምጣልዎ። ከላይ እንዳሳየሁት በራስዎ አስልተው ከደብዳቤው ጋር ያስተያዩት።

5. ብድሩ ውስጥ ተሸጉጠው የተሸጡልዎን ነገሮች ይፈልጉ

በውሉ ላይ የተበደሩት ገንዘብ ዝርዝር ያለበት ክፍል አለ። እዚያ ከመኪናው ዋጋ ሌላ «ጋፕ» የሚል መስመር ሊያገኙ ይችላሉ፤ መኪናው በአደጋ ከጥቅም ውጭ ሲሆን ኢንሹራንሱ በከፈለውና በቀሪው ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን ነው። «ሰርቪስ ኮንትራክት» የሚባል የጥገና ዋስትናም ሊኖር ይችላል። እነዚህን ሲገዙ ዋጋቸው ብድሩ ውስጥ ገብቷል፤ ዕዳው ሲዘጋ ያልተጠቀሙበት ክፍል ሊመለስልዎ ይገባል።

ጋፕ የተያዘው ለድሮው ብድር ስለሆነ ብድሩ ሲዘጋ ሽፋኑም ያበቃል። 900 ዶላር ለ60 ወር ተከፍሎበት 36 ወር ከቀረ፣ በጊዜ እኩል ሲከፋፈል ተመላሹ 540 ዶላር ነው፤ ከዚህ ላይ የስረዛ ክፍያ ሊቀነስ ይችላል። አንዳንድ ውል ግን ይህንንም በ78 ደንብ ያሰላዋል፤ ያን ጊዜ የሚመለሰው 328 ዶላር ገደማ ብቻ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ በጋፕ ወረቀቱ ላይ «ካንስሌሽን» በሚለው አንቀጽ ተጽፏል። ገንዘቡ ግን ራሱ ይመጣል ብለው አይጠብቁ። በአንዳንድ ክፍላተ ሀገራት አበዳሪው የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን እርስዎ ማመልከቻ ካላስገቡ የሚያስታውስዎ የለም። የጥገና ዋስትናው የተያያዘው ከብድሩ ጋር ሳይሆን ከመኪናው ጋር ስለሆነ ሊያስቀጥሉትም ሊሰርዙትም ይችላሉ።

6. የአዲሱን አበዳሪ ወረቀት በዚያው ዓይን ያንብቡ

አዲሱ አበዳሪ የሚሰጥዎ ወረቀት ላይም ያው የታጠረ ክፍል አለ። የማመልከቻ ወይም የሰነድ ክፍያ፣ በሊብሬው ላይ የአዲሱን አበዳሪ ስም ለማስመዝገብ የሚከፈለው የመንግሥት ክፍያ፣ አዲስ ጋፕ፣ ሁሉም ተጽፈዋል። የፕሪፔይመንቱን አንቀጽ እዚህም ያንብቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚህኛውም መውጣት ይፈልጉ ይሆናል። መኪናዎን ለኡበር ወይም ለሊፍት የሚያሠሩ ከሆነ ይህን ከማመልከትዎ በፊት ይናገሩ፤ አንዳንድ አበዳሪዎች ለሥራ የሚውል መኪና አይቀበሉም።

ከዚያ የሚያስተያዩት ድምርን ከድምር ጋር ነው። ወደ ሹፌሩ እንመለስ። ባለበት ቢቀጥል የሚከፍለው 16,455 ዶላር ነው። ለመውጣት 13,025 ዶላር ያስፈልገዋል፤ የአዲሱ አበዳሪና የምዝገባ ክፍያ 150 ዶላር ቢሆን 13,175 ዶላር ይበደራል። በ9 በመቶ ወለድ በዚያው በቀሩት 36 ወራት ቢከፍል ወርኃዊው 419፣ ድምሩ 15,083 ዶላር ይሆናል። የ382 ዶላሩን ጉዳት ከነክፍያው ተሸክሞም 1,372 ዶላር ይተርፈዋል። ስለዚህ ይዛወር።

አሁን ግን አዲሱ አበዳሪ «ወርኃዊዎን ወደ 273 ዶላር እናውርድልዎ» ብሎ 60 ወር ቢያቀርብለትስ? በየወሩ 184 ዶላር ይቀልለታል፤ ሲያዩት ያስደስታል። ድምሩ ግን 16,409 ዶላር ነው። ወለዱ በግማሽ ወርዶ፣ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ዕዳ ተሸክሞ፣ የተረፈው 46 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ላይ የ600 ዶላር ጋፕ ብድሩ ውስጥ ቢገባ ትርፉ ጠፍቶ ኪሳራ ይሆናል። የወሩ ክፍያ ከብዶት መክፈል ያቃተው ሰው ዘመኑን ማራዘሙ ምክንያት አለው፤ ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ የሚያዛውር ሰው ግን የቀሩትን ወራት ቁጥር መጨመር የለበትም።

7. ዝውውሩ ሲጀመር

አዲሱን ብድር ከፈረሙ በኋላ አዲሱ አበዳሪ ገንዘቡን ለድሮው ይልካል። የመዝጊያው ደብዳቤ ቀን ሳያልፍ እንዲደርስ ቀኑን ይንገሯቸው፤ ካለፈ የቀን ወለዱ ይጨምራልና ጥቂት ዶላር ጎድሎ ብድሩ ሳይዘጋ ይቀራል። ጎዶሎዋ ትንሽ ብትሆንም እስካልተከፈለች ድረስ የዘገየ ክፍያ ሆና በክሬዲት ታሪክዎ ላይ ልትመዘገብ ትችላለች። በመካከሉ የድሮው ክፍያ ቀን ከደረሰ ይክፈሉ፤ የተረፈው ይመለስልዎታል። ከባንክዎ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ የሚያቋርጡት ዕዳው ዜሮ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከደረሰዎ በኋላ ነው። ያ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ የጋፕ ስረዛ ማመልከቻውን በዚያው ቀን ያስገቡ፤ ቅጂውን ከማመልከቻው ጋር አያይዙ፣ ገንዘቡ የሚላከውም ለተዘጋው ብድር ሳይሆን በስምዎ ወደ ቤትዎ እንዲሆን በጽሑፍ ይጠይቁ።